ከሰማንያ እስከ ዘጠና ስምንት

በ2010 ዓ.ም. ስልሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ወይም ሰባ። እናቴ «አንበጣ በመጣ ማግሥት ነው የወለድሁህ» ትለኝ ነበር፤ አንበጣው ግን ሁለት ዓመት ተከታትሎ መጥቷል ይላሉ ያገሬ ሰዎች። ስለዚህ ዕድሜህ ስንት ነው ሲሉኝ ሁለቱንም እናገራለሁ። ሰው ይስቃል። ይሳቅ። የማላውቀውን አንድ ዓመት ከየት አምጥቼ ልጨምር?

የተማርሁት ፊደል ቆጥሬ፣ ዳዊቱን እኩሌታ ላይ ጥዬ ነው። አባቴ ሞተና ሞፈር ያዝሁ። ቁጥር ግን አልጠፋብኝም፤ በግ የሚቆጥር ሰው ቁጥር አይጠፋበትም። በዚህ የተነሣ ይመስለኛል፣ የዝናብ መለኪያ ይዘው የመጡ ሰዎች ከዘመሮ ከተማ ማዶ ያለው ቀበሌያችን ሲደርሱ «ማን ይጠብቅልን?» ብለው ቢጠይቁ መንደሩ ወደኔ የጠቆመው። ከቤቴ ጀርባ በሽቦ አጥረው አንድ ክብ ቆርቆሮ ተከሉ። በየጠዋቱ በሦስት ሰዓት ያደረውን ውሃ መስመር ባለው ብርጭቆ እለካለሁ፣ በደብተር እጽፋለሁ፣ ወር ሲሞላ ግልባጩን ወደ ላይ እልካለሁ። ይኸው ነው ሥራው። ከሃያ ዓመት በላይ ሠራሁት።

መጀመሪያ ያስተማረኝ ሰው አንድ ነገር አጥብቆ ነግሮኝ ነበር፤ «በእርሳስ ጻፍ» አለኝ። እምቢ አልሁ። «እርሳስ ሊሰርዝ የሚፈልግ ሰው ነው የሚጽፍበት፤ እኔ የጻፍሁትን አልሰርዝም» አልሁት። ሰውየው ሳቀና ሄደ። እኔም በሰማያዊ እስክርቢቶ ስጽፍ ኖርሁ። በዚህ ደግሞ እኮራ ነበር።

አንድ ክረምት የቤቴ ክዳን ባንድ ጥጉ አፈሰሰ። ደብተሮቹ ከቆጡ ላይ ነበሩ። ሳወርዳቸው ሰማያዊ ውሃ ጠጥተዋል። ቀለሙ ሁሉ ወርዶ ወርዶ ገጹ የረጠበ ሰማይ መስሏል። ዝናቡ የራሱን መዝገብ በላው ማለት ነው። በእርሳስ ቢሆን ኖሮ ወረቀቱ ደርቆ ይነበብ ነበር። ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው፤ ለማንም አልተናገርሁም፤ አሁን እናገራለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው።

በ2010 በግንቦት፣ ከመንደራችን በላይ ባለው ሸጥ፣ ጎርፍ በሚወርድበት ሸለቆ ላይ የአፈር ግድብ ሊሠራ ነው ተባለ። ሕዝቡ ደስ አለው። በጋ በጋ ውሃ ፍለጋ ሁለት ሰዓት የሚሄድ ሰው ግድብ ሲሉት ምን ይላል? እኔም ደስ አለኝ። ግን ልጄ፣ የመጀመሪያዋ ሴት ልጄ፣ ቤቷ ከዚያ ሸጥ አፍ ላይ ነው። ከሷ ጋር ሦስት ጎጆዎች አሉ። ከአራት ዓመት በፊት በሐምሌ የወረደው ጎርፍ በረቷን ከነበጎቿ ጠርጎ ወስዶታል። ሰው ያልወሰደው ለሰው ስላዘነ አይደለም፣ ስላልደረሰበት ነው። አሁን ከሷ ራስ በላይ ውሃ ሊጠራቀም ነው።

መሐንዲሷ ወጣት ናት፣ ጸጥ ያለች፣ ጫማዋ ጭቃ የለመደ። ግድቡ ጎን ላይ የሚሠራውን ማፍሰሻ አሳየችኝ፤ ውሃው ሲበዛ ግድቡን ሳይሻገር በዚያ ይወጣል። ስፋቱን በችካል ምልክት አድርጋለች። «አባባ፣ ይኼ ከጠበበ ውሃው በግድቡ አናት ላይ ይሄዳል። አፈር ነው፣ ይናዳል» አለችኝ። «ስፋቱን የሚወስነው ባንድ ቀን የወረደው ትልቁ ዝናብ ነው። እርስዎ የለኩት።»

እኔ የለካሁት! ያን የሐምሌ ዝናብ። ያ ቁጥር ደግሞ ከደብተሬ ታጥቧል፤ ወደ ላይ የላክሁትም ወረቀት ተፈልጎ ታጣ።

የተገኘው አንድ ፎቶግራፍ ነው። ያን ጊዜ በትምህርት ቤታችን የሳይንስ መምህር የነበረ ልጅ፣ ደብተሬን ተውሶ የዚያን ሐምሌ ዝናብ ባለ ካሬ ወረቀት ላይ ሥሎት ነበር። ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ቋሚ እንጨት፤ ብዙ ከዘነበ ረዥም፣ ጥቂት ከዘነበ አጭር። ግራፍ ይሉታል። ወረቀቱ ከክፍሉ ግድግዳ ላይ ጠፍቷል፤ መምህሩም ወደ ሌላ አገር ተዛውሯል። በስልኩ ግን አንሥቶት ኖሮ ላከልን። አነሣሡ ደግሞ! ከግራ በኩል ዝቅ ብሎ ቆሞ ነው ያነሣው። ቁጥሮቹ የተጻፉበት ጠርዝ ከሥርም ከጎንም ተቆርጦ ቀርቷል። ካሬዎቹ ፈዝዘው እንደ ሸረሪት ድር ሆነዋል። ከላይ በቀኝ በኩል የመስኮት ብርሃን አርፎበት ነጭ አድርጎታል። በዚያ ነጭ ውስጥ ነው ረዥሙ እንጨት ጫፉን የደበቀው።

በቀጠሮው ቀን ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ተሰበሰብን። ሥራውን የሚመራው ኃላፊ ከወረዳ መጥቷል። ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል፣ ልጄ በሩ ላይ ቆማለች። መሐንዲሷ ፎቶውን በትልቅ ወረቀት አሳትማ አምጥታለች፤ ሌላም ቅጽ አለ፣ «ትልቁ የአንድ ቀን ዝናብ በሚሊሜትር» የሚል፣ ጎኑ ላይ ትንሽ ሳጥን ያለው። ሳጥኑ ውስጥ 78.5 ተብሎ በእርሳስ ተጽፏል።

«አባባ፣ እዚህ ጋ የለኪው ፊርማ ያስፈልጋል» አለ ኃላፊው። እስክርቢቶ ዘረጋልኝ።

«ይኼ ቁጥር ከየት መጣ?»

«ከፎቶው። በኮምፒውተር ነው የተለካው።»

«ኮምፒውተሩ ያን ዕለት የት ነበር?»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ኃላፊው አልሳቀም። «የለም አባባ፣ ፎቶውን ነው የለካው። ከደብተርዎ ያልታጠበች አንዲት ጥግ ተገኝታለች አይደል? ሐምሌ ሦስት 12.4፣ ሐምሌ አምስት 30.6 የምትል። የአምስተኛው ቀን እንጨት እዚህ ሦስት ሣንቲ ሜትር ነው። ትልቁ ሰባት ነጥብ ሰባት ነው። ያባዙት፣ ሰባ ስምንት ነጥብ አምስት ይመጣል።»

ሒሳቡ ትክክል ነው። ያናደደችኝ ነጥቧ ናት። ሰባ ስምንት ቢለኝ ገመተ እላለሁ። ነጥብ አምስት ሲል ግን አየሁ ማለቱ ነው። ምኑን አየ? መምህሩ በወፍራም ቀለም ነው ያሠመረው፤ የእንጨቱ ጫፍ መስመር ውፍረቱ ብቻ ሁለት ሚሊሜትር ዝናብ ይሸፍናል። ፀጉር የማይታይበት ቦታ ቅማል ቆጠርሁ እንደ ማለት ነው።

«አልፈርምም» አልሁ።

«ምን?»

«ወረቀቱን ወዲህ አምጣው። መጀመሪያ አያለሁ።»

አንዱ ሽማግሌ፣ ጎረቤቴ ነው፣ «አንተ ሰውዬ፣ ክረምት ሳይገባ ቁፋሮ ካልተጀመረ ለሌላ ቀበሌ ይሰጣል ብለውናል! ግድቡን ልታስቀርብን ነው?» ብሎ ጮኸ።

«አንተ ቤትህ ጉብታ ላይ ነው» አልሁት። «አፍህም እዚያው ይቆይ።»

ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠጋሁና ዓይኔን አጠበብሁ። አስቀድሜ የፈለግሁት ፎቶው ከየትኛው ቀን እንደሚጀምር ነው፤ የቀኑ ቁጥር ተቆርጦ ቀርቷልና። ከደብተሬ የተረፈችው ጥግ ሦስተኛው ቀን ዘንቧል፣ አራተኛው ባዶ ነው፣ አምስተኛው የሦስተኛውን ሁለት እጥፍ ተኩል ያህላል ትላለች። በፎቶውም ላይ አጭር እንጨት፣ ባዶ፣ ከዚያ ሁለት እጥፍ ተኩል የሚያህል አለ። ገጠመ። ከዚያ ተነሥቼ ወደ ቀኝ ቆጠርሁ፤ ረዥሙ እንጨት ሐምሌ ሃያ ሦስት ላይ ነው።

ቀጥሎ ካሬዎቹን። የአምስተኛው ቀን እንጨት ስድስት ካሬ ከጥቂት ይይዛል። የሦስተኛው ሁለት ተኩል። 30.6 በስድስት ካሬ፣ 12.4 በሁለት ተኩል፤ ሁለቱም የሚሉት አንድ ነው፣ አንዱ ካሬ አምስት ነው። መምህርም ሲሥል አምስት አምስት ብሎ ነው የሚሥለው እንጂ አምስት ከሩብ አይልም።

«ልጄ» አልኋት መሐንዲሷን፣ «ማስመሪያሽን አምጪ። እዚህ በግራ በኩል አሥር ካሬ ለኪልኝ።»

ለካች። «አምስት ሣንቲ ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል።»

«አሁን ደግሞ በቀኝ፣ ከረዥሙ እንጨት ሥር አሥር ካሬ።»

ለካች። እንደገና ለካች። «አራት ከሦስት መሥመር» አለች ቀስ ብላ።

«ምን ማለት ነው?» አለ ኃላፊው።

«ማሳ ዳር ቆመህ አይተህ ታውቃለህ?» አልሁት። «የቀረበው ትልም ሰፊ ነው፣ የራቀው ጠባብ ይመስላል። ጠባብ ነው ብሎ ዘር የሚቀንስ ገበሬ አይቼ አላውቅም። ፎቶ ያነሣው ልጅ ግራ ነው የቆመው። ቀኙ ከሱ ርቋል፤ ስለራቀ አጥሯል። እናንተ የቀረበውን በሣንቲ ለካችሁ፣ በዚያው ሚዛን የራቀውን መዘናችሁ።»

መሐንዲሷ ፊቷ ቀላ። «እውነታቸውን ነው» አለች። «ፎቶውን ማቃናት ነበረብኝ።»

«የተማረ ሰው የሠራውን ፊደል ቆጣሪ ሊያርመው ነው እንግዲህ!» አለ ኃላፊው ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሮ።

«ዳዊቱን አልጨረስሁም። ካሬ ግን በግ ማለት ነው፣ አይሮጥም እንጂ።»

ይሄኔ ጎረቤቴ ራሱ ሳቀ።

ከዚያ በሣንቲ ሳይሆን በካሬ እንቁጠር ተባለ። «አንቺም ቁጠሪ፣ እኔም እቆጥራለሁ፣ ሳንጨርስ አንነጋገርም» አልሁ። ሰው የሌላውን ቁጥር ከሰማ ዓይኑ ወደዚያው ይሄዳል። እኔ አሥራ ሦስት አገኘሁ፣ እሷ አሥራ ሁለት። ሁለታችንም ደገምነው። በየመስመሩ ላይ በመርፌ እየወጋች ስትቆጥር አየኋት፤ እኔ አንዱን የወረቀት እጥፋት መስመር ብዬ ቆጥሬ ኖሯል። አሥራ ሁለት ነው። ተሸነፍሁ፣ አመንሁ።

ከአሥራ ሁለቱ በላይ ያለው ነጭ ነው። መስመር የለም። በዚያ ነጭ ውስጥ ያለው ቁመት ሁለት ሣንቲ ተኩል ያልፋል። ካሬዎቹ ከታች እንዳሉት ከሆኑ ስድስት ይገባል፤ በድምሩ አሥራ ስምንት ካሬ፣ ዘጠና ማለት ነው። ግን ልጁ ዝቅ ብሎ ነው ያነሣው፤ ወደ ላይም ስንሄድ ካሬው ሊጠብ ይችላል። ያን ጊዜ ስድስት ተኩል ሊገባ ነው። ደግሞም የእንጨቱ ጫፍ በብርሃኑ ተበልቷል፤ የት እንዳለቀ ባንድ ካሬ ያህል መሳት አለ። ሊጨምርም ሊያንስም ይችላል።

«ስለዚህ?» አለች መሐንዲሷ።

«ቢያንስ አሥራ ሰባት ካሬ፣ ቢበዛ አሥራ ዘጠኝ ተኩል። ከሰማንያ አምስት እስከ ዘጠና ስምንት።»

«ለዘጠና ስምንት ከሆነ ማፍሰሻው ይሰፋል» አለች፣ ለራሷ እንደምትናገር።

ያን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ከረዥሙ እንጨት በስተግራ፣ የሐምሌ ሃያ ሁለት ቦታ ባዶ ነው። ያየ ሰው በዚያ ቀን አልዘነበም ይላል። ውሸት ነው። በዚያ ቀን እኔ አልለካሁም። ታናሽ ወንድሜ ሞቶ ሌላ ደብር ልቀብረው ከንጋት በፊት ሄጄ ነበር። በማግሥቱ የለካሁት የሁለት ቀን ውሃ ነው።

ልጄን ቀና ብዬ አየኋት። ታውቃለች፤ አብራኝ ሄዳ ነበር። ራሷን በትንሹ ነቀነቀች። ዝም በል ማለቷ ነው። ቤቱ የሷ ነው፣ ልጆቹ የሷ ናቸው። ዝም ብል ማንም አያውቅም። ቁጥሩም ከፍ እንዳለ ይቀራል። ግን እንግዲያ «ነጥብ አምስት» ካለው ሰው በምን እሻላለሁ? እሱ ያላየውን ጨመረ፤ እኔ ያየሁትን ልደብቅ ነው።

«አንድ ነገር ቀርቷል» አልሁ። ነገርኋቸው።

ኃላፊው ጠረጴዛውን መታ። «አያችሁ! የሁለት ቀን ዝናብ ነው! እንዲያውም ሰባ ስምንቱም በዝቷል! እሳቸው ራሳቸው ተናገሩ!»

«ቁጭ በል፣ አልጨረስሁም» አልሁት። እሱ ከመቆጣቱ በፊት ቀጠልሁ። «ለቀብሩ ዕለት አጥቢያ ሌሊት የጣለው ካፊያ ነው፤ ነጠላ አያርስም። ቀብረን ስንመለስ ሰማዩ ደረቅ ነበር። ከሰዓት በኋላ ነው የወረደው፣ የለቅሶውን ድንኳን ገልብጦ። ይህን የቀበረ ሁሉ ይመሰክራል። ካፊያው ስንት ነበር ብትሉኝ አላውቅም፤ አልለካሁትም። ከአምስት አይበልጥም ብዬ እገምታለሁ። ግምት ነው፣ ግምት ብላችሁ ጻፉት። ከታችኛው አምስት ቀንሱ። ሰማንያ ይሁን።»

«ከላይኛውስ?» አለ ኃላፊው።

የመለሰችለት መሐንዲሷ ናት። «ከላይኛው አይቀነስም። ካፊያው ምንም ላይሆን ይችላላ። ከሰማንያ እስከ ዘጠና ስምንት ነው።» ከዚያ ወደኔ ዞረች። «አባባ፣ ከዚያ ቀን የሚያስታውሱት ሌላ የለም?»

«አለ። ሆን ብዬ ነው ያልተናገርሁት፣ ትዝታዬ ዓይናችንን እንዳይጎትተው። ብርጭቆው አሥር ሚሊሜትር ዝናብ ይይዛል። ያን ጠዋት ሞልቼ ሞልቼ ስደፋ ስምንት ጊዜ ነው ወይስ ዘጠኝ፣ አላስታውስም። ከዚያ ላይ ትርፍ ነበረው። ሐዘንተኛ ነበርሁ። ለዚህ አልፈርምም። ግን ሰባ ስምንት አልነበረም።»

ቅጹን ሳብሁት። ኃላፊው እስክርቢቶውን ያዘ፤ «እዚህ የሚገባው አንድ ቁጥር ነው። ሳጥኑ አይበቃም» አለ።

«እንግዲያው ሳጥኑን አስፉት።»

የመሐንዲሷን እርሳስ አንሥቼ 78.5ን ሠረዝሁና ጻፍሁ። እጄ እንደ ጠማማ ሞፈር ነው፣ ፊደሎቼ ከሳጥኑ ወጥተው ጠርዙን ሞሉት፦ «ከ80 እስከ 98። ከፎቶ በካሬ ተቆጥሮ። ጫፉ አይታይም። የአንድ ሌሊት ካፊያ አለበት። ደብተሩ በኔ ጥፋት ታጥቧል።» ከሥሩ ፈረምሁ።

«ይኼን ይዤ ብሄድ ይስቁብኛል» አለ ኃላፊው።

«ግድቡ ሲናድ ከሚያለቅሱብህ ይሻላል።»

መሐንዲሷ ወረቀቱን ወሰደች። ከፊርማዬ ጎን በእስክርቢቶ ፈረመች። «ማፍሰሻው ለዘጠና ስምንት ይሠራል» አለች። «ከዚያ በታች ከሆነ የኔን ፊርማ አያገኙም።» ኃላፊው ፋይሉን ብብቱ ሥር ከቶ ወጣ። ግድቡ ለሌላ ቀበሌ ሊሄድ እንደሚችል በሩ ላይ ቆሞ ነገረን። ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ ተነሡ። ጎረቤቴ ሲያልፍ አልተሰናበተኝም።

ከልጄ ጋር ወደ ቤት ስንወርድ ከፊቴ ቀደመች። ኋላ «አባዬ፣ ግድቡ ከቀረ ማንም ለደቦ አይጠራህም» አለችኝ።

«ብቻዬን አጭዳለሁ።»

«ያን የቀብሩን ነገር ግን ምን አናገረህ? በሰማንያ ቢሠሩትስ ኖሮ?»

«ያን ባልናገር ዘጠና ስምንቱን ማን ያምነኝ ነበር?»

ሸጡ ጋ ስንደርስ ቆማ የበረቷን ቦታ አየች፤ አሁን ሳር በቅሎበታል። ከዚያ ቅልጥም የሚያህል ድንጋይ በእግሯ ገፍታ ወደ ታች ሰደደችው። «ግትር» አለችኝ። እናቷም እንደዚሁ ነበር የምትለኝ።

በማግሥቱ በሦስት ሰዓት ወደ ቆርቆሮዬ ሄድሁ። ሌሊት ጥቂት ጥሎ ነበር። ውሃውን ወደ ብርጭቆው ገለበጥሁና ብርጭቆውን ከዓይኔ ትክክል አድርጌ ያዝሁት። ውሃው በሁለት መስመሮች መካከል ቆሟል። ድሮ ቢሆን ወደ ቀረበው ጠጋ አድርጌ እጽፍ ነበር። ከማዶ ከሸጡ ላይ የመዶሻ ድምፅ ሰማሁ፤ ቀና ስል መሐንዲሷ የማፍሰሻውን ችካል ከነበረበት ነቅላ ወደ ውጭ አርቃ ስትተክል፣ ልጄም የሜትሩን ጫፍ ይዛላት አየሁ። ከኪሴ እርሳስ አወጣሁ። በአዲሱ ደብተር ላይ «4.2፣ ወይም 4.4» ብዬ ጻፍሁ።